ዋናው ቺለር ሲቆም ተጠባባቂው በስንት ደቂቃ ይነሳል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። እዚሁ ጎንደር አንድ የሆስፒታል ፕሮጀክት አዲስ የተተከሉ ማሽኖችን ከርክክብ በፊት የሚፈትሽ የኮሚሽኒንግ ረዳት ይፈልጋል። ለቃለ መጠይቁ የሕንፃ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚያበርዱ ሁለት ቺለሮች ላሉት ፕላንት የፋንክሽናል ቴስት ፕሮሲጀርና ቼክሊስት ጽፌ እንድመጣ ነገሩኝ። የአምራቹን የስታርት አፕ ቅጽ አግኝቻለሁ። እሱን አስተካክዬ ባቀርብ ይበቃል? ፈተናው የሚካሄደው ሐምሌ ላይ ነው ብለውኛል።»

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። የስታርት አፕ ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ማሽን ጤነኛ ሆኖ መነሳቱን ነው። ዘይቱ ልክ ነው ወይ? የኤሌክትሪኩ ፌዝ ቅደም ተከተሉን ጠብቋል ወይ? የኮምፕረሰሩ ዘይት ማሞቂያ አምራቹ ያለውን ሰዓት ያህል ቀድሞ በርቷል ወይ? ፋንክሽናል ቴስት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ቺለሮቹ፣ ፓምፖቹ፣ ቫልቮቹና መቆጣጠሪያው አንድ ላይ ሆነው ዲዛይኑ ያለውን ይሠራሉ ወይ የሚለውን ይፈትሻል፤ በተለይ አንዱ ነገር ሲበላሽ። ስለዚህ ቅጹን አትጣዪው። ከቧንቧ እጥበቱና ከውኃ ባላንሲንግ ሪፖርቱ ጋር ከፊት አስቀምጪው። ከሥሩ «እነዚህ ሳይፈረሙ ፈተናው አይጀመርም» ብለሽ ጻፊ።

አርባ ገጽ ቼክሊስት ከኢንተርኔት መገልበጥ እንደሚቻል ጠያቂዎቹም ያውቃሉ። እኔ ብሆን አንድ ፈተና ብቻ መርጬ አብጠርጥሬ ጽፌ እገባለሁ። ለሆስፒታል ደግሞ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ዋናው ቺለር ሲወድቅ ተጠባባቂው በሰዓቱ ይነሳል ወይ?

ምሳሌ እንያዝ። ሁለት በአየር የሚቀዘቅዙ ቺለሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 200 ኪሎዋት። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጠብቃል። የየራሳቸው ፓምፕ አላቸው። ቀዝቃዛው ውኃ 3 ሜትር ኩብ በሚይዝ ማጠራቀሚያ፣ ባፈር ታንክ በሚባለው፣ ውስጥ ያልፋል። ከታንኩ ወደ ሕንፃው የሚገፉት ሌሎች ፓምፖች ናቸው። ወደ ሕንፃው የሚሄደው ውኃ 7 ዲግሪ ነው፣ ሲመለስ 12። ዲዛይነሩ «ቺለር ሲቀያየር የሚሄደው ውኃ ከ10 ዲግሪ አይለፍ» ብሏል እንበል።

ከሁሉ በፊት ቴርሞሜትሮቹን ፈትሺ። በመሄጃና በመመለሻ መካከል ያለው ልዩነት 5 ዲግሪ ብቻ ነው። አንዱ ሴንሰር በግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ፣ ሌላው በግማሽ ወደ ታች ከሳተ፣ ልዩነቱ 4 ወይም 6 ሆኖ ይነበባል። የቺለሩ ጉልበት ስሌት በ20 በመቶ ተሳሳተ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የተፈጨ በረዶና ትንሽ ውኃ በባልዲ አድርጊ፣ አማስዪው፣ ሁለቱንም ሴንሰሮች አንድ ላይ ንከሪ፣ ንባቡ እስኪረጋ ጠብቂ። ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ካነበቡና እርስ በርስ ከተስማሙ ይሠራሉ። በፈላ ውኃ እንዳትሞክሪ። ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ 100 ይላል ብለሽ ስትጠብቂ ደህናውን ሴንሰር ታባርሪያለሽ።

አሁን ወደ ቼክሊስቱ። እያንዳንዱ ረድፍ አምስት ነገር ይኑረው፦ ምን እናደርጋለን፣ ምን መሆን አለበት፣ በቁጥር ገደቡ ስንት ነው፣ ምን አየን፣ ማን በስንት ሰዓት ፈረመ። «ጥሩ ነው» ብቻ ተጽፎ የሚታለፍበት ሳጥን አትተዪ። እንዲህ ያለው ሳጥን ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ ሰው የሚንቀው ነው። ፓምፑ ቆሞ ሳለ ስክሪኑ ላይ ውኃ መፍሰስ አለመፍሰሱን የሚናገረው የፍሎው ስዊች ምልክት ምን ይላል? «ፍሰት የለም» ማለት አለበት። ፓምፑ ቆሞ «ፍሰት አለ» ካለ፣ የስዊቹን ሳጥን አስከፍቺ። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ተርሚናሎች የምታገናኝ ቁራጭ ሽቦ ታገኛለሽ። ሲተክሉ ማሽኑ ቶሎ እንዲነሳላቸው ጃምፐር አድርገው ሳያነሱት ሄደዋል። በዚህ ሁኔታ ፈተናውን መቀጠል አደገኛ ነው። ውኃ ሳይፈስ ኮምፕረሰሩ ከሠራ፣ ውኃው የሚቀዘቅዝበት ኢቫፖሬተር ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ቱቦዎቹን ያፈነዳል።

ቀጥሎ ፓምፑ እየሠራ ቫልቩን ቀስ ብሎ ማጥበብ ነው። ስዊቹ ስንት ሊትር በሰከንድ ላይ «ፍሰት የለም» እንዳለ ጻፊ። ለ200 ኪሎዋትና ለ5 ዲግሪ ልዩነት ሙሉ ፍሰቱ 9.5 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው። ስዊቹ የሚቆርጥበት ቁጥር አምራቹ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ፍሰት በላይ መሆን አለበት።

አሁን ዋናው ፈተና። ዋናውን ቺለር ከስክሪኑ ላይ «አቁም» ብሎ ማጥፋት ፈተና አይደለም። መቆጣጠሪያው ራሱ ያዘዘውን ያውቃል፤ ብልሽት አልደረሰበትም። እውነተኛ ብልሽት ፍጠሩ። የኮንትራክተሩ ኤሌክትሪሺያን የዋናውን ፓምፕ ዲስኮኔክት ይክፈት። አንቺ አትንኪው፤ የአንቺ ሥራ ሰዓት መያዝና መጻፍ ነው። ሌላ ሰው ቺለሩ አጠገብ ይቁም። ኮምፕረሰሩ አምራቹ ባለው ሰከንድ ውስጥ ራሱ ካልቆመ፣ ኢመርጀንሲ ስቶፑን ይጫን። ሆስፒታሉ ሥራ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ጥገና በሌለበት ሰዓት፣ ኃላፊው በጽሑፍ ፈቅዶ ይሁን።

ከዚያ የምትመዘግቢው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ፍሰት ጠፋ፣ ኮምፕረሰሩ ቆመ፣ አላርም መጣ፣ የተጠባባቂው ቫልቭ ተከፈተ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ ፍሰቱ ተረጋገጠ፣ ኮምፕረሰሩ ተነስቶ ሙሉ ጭነት ላይ ደረሰ። የእያንዳንዱን ሰከንድ ጻፊ። ከታንኩ የሚወጣውን ሙቀት መቆጣጠሪያው በየ10 ሰከንዱ ይመዝግብ።

እዚህ ጋ ነው ሐምሌ የምትሸውድሽ። ሐምሌ ጎንደር ብርድ ነው። የሕንፃው ጭነት 120 ኪሎዋት ሆነ እንበል። ዋናው ቺለር ከቆመበት ተጠባባቂው ሙሉ እስኪይዝ 5 ደቂቃ፣ ማለትም 300 ሰከንድ ፈጀ። በዚያ ጊዜ ሕንፃው ታንኩ ውስጥ 120 ሲባዛ በ300፣ 36,000 ኪሎጁል ሙቀት ይጨምራል። 3,000 ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 12,570 ኪሎጁል ይፈልጋል። ሲካፈል 2.9 ዲግሪ። 7 ላይ ሲደመር 9.9። ገደቡ 10 ነው፤ ፕላንቱ ፈተናውን አለፈ! ሁሉም ይፈርማል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መጋቢትና ሚያዝያ ግን ጎንደር ይሞቃል። ጭነቱ 200 ኪሎዋት ይደርሳል። ያው 5 ደቂቃ አሁን 4.8 ዲግሪ ይጨምራል። ውኃው 11.8 ይሆናል። ሐምሌ ፈተናውን ያለፈው ፕላንት ሚያዝያ ላይ ይወድቃል፣ ማንም ምንም ሳይነካው።

ስለዚህ ገደብሽን በሙቀት ብቻ አትጻፊ፤ በሰዓትም ጻፊ። በሙሉ ጭነት 3 ዲግሪ ለመጨመር የሚፈጀው 188 ሰከንድ ነው። ቼክሊስቱ ላይ «ከዋናው መቆም እስከ ተጠባባቂው ሙሉ ጭነት፣ ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ» በይ። ያኔ ሐምሌ ላይ 5 ደቂቃ የፈጀው ፕላንት ሙቀቱ 9.9 ቢሆንም ይወድቃል፤ መውደቅም ነበረበት። ስሌቱ የታንኩ ውኃ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀላቀል ያስባል። የቧንቧውን ውኃም አይቆጥርም። ግምት ነው፤ የቧንቧውን ውኃ አለመቁጠሩ በደህና በኩል ያሳስተዋል፣ ታንኩ በደንብ ካልተቀላቀለ ግን ሙቀቱ ከዚህ ቶሎ ሊወጣ ይችላል።

ከ3 ደቂቃ ካለፈስ? የሰከንዶቹ ዝርዝር ይነግርሻል። ቫልቩ ለመከፈት 90 ሰከንድ ከፈጀ፣ ችግሩ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው የአክቹዌተሩ ፍጥነት ነው። ሁሉም ነገር ተከፍቶ መቆጣጠሪያው ዝም ብሎ 2 ደቂቃ ከጠበቀ፣ ፕሮግራም አድራጊው ያስገባው መጠበቂያ ነው፤ ያሳጥረው። ኮምፕረሰሩን ከተደጋጋሚ መነሳት የሚጠብቀውን የአምራቹን ታይመር ግን ማንም እንዳይነካ። ያ ካልበቃ ታንኩ ማነሱን ለዲዛይነሩ ማሳወቅ ነው። ከተስተካከለ በኋላ ፈተናው ከመጀመሪያው ረድፍ ይደገማል። ከወደቀበት ረድፍ መቀጠል የለም።

ሁለተኛው መቼም የማይቀር ነገር መብራት መጥፋት ነው። ይህንን ለብቻው ረድፍ ስጪው። ዋናው ብሬከር በእውነት ይጥፋ፣ ጀነሬተሩ ይነሳ። ሁለቱም ቺለሮች ኤሌክትሪክ ስላጡ የመነሻ ታይመራቸውን እንደ አዲስ ሊቆጥሩ ይችላሉ። የ3 ደቂቃው ገደብ እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ዲዛይነሩ ሌላ ቁጥር ይስጥሽ። ሁለቱ ቺለሮች ጀነሬተሩ ላይ በአንዴ እንዳይነሱ እዪ። ሲረጋጋ ደግሞ ሁሉም ስዊች ኦቶ ላይ መሆኑን፣ የታዘዘው ሙቀት፣ ማለትም ሴትፖይንቱም 7 ላይ መቆየቱን አረጋግጪ። መብራት ሲመለስ በፋብሪካ ቁጥሩ የሚነሳ መቆጣጠሪያ አለ። ሰው ካላየው ሳምንት ሙሉ በተሳሳተ ሙቀት ይሠራል።

ሐምሌ ላይ ልትፈትኚው የማትችይው አንድ ነገር የቺለሩ ሙሉ ጉልበት ነው። ያንን «የተላለፈ ፈተና፣ መጋቢት ወይም ሚያዝያ» ብለሽ ባዶውን ረድፍ ከነቀኑ አስቀምጪ፤ ካልተጻፈ ይረሳል። ርክክቡ ሲፈረም ይህ ረድፍ ክፍት መሆኑ አብሮ ይጻፍ፤ አለዚያ ሚያዝያ ላይ ኮንትራክተሩን የሚጠራው ሰው አይኖርም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ገጽ ይዘሽ ግቢ፦ አንዱ የፈተናው ረድፎች፣ አንዱ የ188 ሰከንዱ ስሌት። «ፈተናው ቢወድቅና ኮንትራክተሩ ፈርሚ ቢልሽስ?» ብለው ይጠይቁሽ ይሆናል። ያየሽውን ቁጥር እንደምትጽፊ፣ በችግር መዝገቡ ላይ ባለቤትና ቀን እንደምትሰጪው፣ ፊርማው ግን የኃላፊሽ መሆኑን ንገሪያቸው። ረዳት ነሽና ከዚያ በላይ ጀግንነት አይጠበቅብሽም።

«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ደግሞ አትዪ «የለኝም»። ይህን ጠይቂ፦ «ቺለሩ ላይ የተጻፈው 200 ኪሎዋት በባሕር ጠለል ነው ወይስ ለጎንደር ከፍታ የታረመ?» ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የኮንደንሰሩ ፋን የሚገፋው አየር ክብደቱ ስለሚቀንስ በአየር የሚቀዘቅዝ ቺለር ጉልበቱ ይወርዳል። በስንት እንደሚወርድ የሚናገረው አምራቹ ነው። ቁጥሩ ካልታረመ ሚያዝያ ላይ የምትፈትኚበት ገደብ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል።