ዕቁብ ከመግባታችሁ በፊት ተራችሁን በብር ተምኑት

ልጆቼ፣

“ዕቁብ ውስጥ ማንም አይከስርም፤ የጣልከውን ትወስዳለህ” ሲባል ሰምታችኋል። በቁጥሩ ካየነው እውነት ነው። 12 ሰው ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ 5,000 ብር ቢጥል፣ እያንዳንዱ በተራው 60,000 ብር ይወስዳል፣ ዓመቱ ሲያልቅም እያንዳንዱ 60,000 ብር ጥሏል። ወለድ የለም፣ ቀሪ የለም። ነገር ግን የመስከረሙ 60,000 ብር የሚገዛውን ዕቃ የነሐሴው 60,000 አይገዛውም። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነና ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን እንደሚገባ እንዴት እንደሚሰላ ላሳያችሁ። የሞባይላችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

መጀመሪያ ዋጋ በወር በምን ያህል እንደሚጨምር መገመት አለባችሁ። ለዚህ ምሳሌ በወር 2 በመቶ ልያዝ። በዓመት ሲጠራቀም 27 በመቶ ገደማ ይሆናል። አልተጋነነም፤ በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው አኃዝ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ግን የናንተ ንረት ልትገዙት ያሰባችሁት ዕቃ ንረት ነው። ዕቁቡን የገባችሁት ለብሎኬትና ለሲሚንቶ ከሆነ የጤፍ ዋጋ ብዙም አይነግራችሁም። የምትፈልጉትን ዕቃ ዋጋ ለሦስት አራት ወር መዝግቡና ከዚያ ተነሱ። በውጭ ምንዛሪ ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ ጭማሪው በየወሩ እኩል እየሆነ እንደማይሄድ አስታውሱ፤ ለወራት ተኝቶ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሊዘል ይችላል።

አሁን ሁሉንም ወደ መስከረም ብር እንመልሰው። ነሐሴ ከመስከረም 11 ወር ይርቃል። ስለዚህ 60,000ን ለ1.02 አካፍሉ፣ የወጣውን እንደገና ለ1.02፣ እንዲህ እያላችሁ 11 ጊዜ። 48,256 ይወጣል። የመጨረሻው ሰው የሚወስደው ገንዘብ በመስከረም ዋጋ ይህን ያህል ብቻ ይገዛል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ “12,000 ብር ገደማ ከሰረ” ይላል። ስህተት ነው፤ መዋጮውም እየቀለለ እንደሄደ ረስቷል። የመስከረሙ 5,000 ሙሉ 5,000 ነው፤ የጥቅምቱ 4,902 ነው፤ የነሐሴው ግን በመስከረም ዋጋ 4,021 ብር ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱን ስትደምሩ 53,934 ብር ይመጣል። እያንዳንዱ ዕቁብተኛ፣ ተራው የትም ይሁን፣ በእውነተኛ ዋጋ የጣለው ይህንን ነው። ማነጻጸር ያለባችሁም ከ60,000 ጋር ሳይሆን ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ስለዚህ በመስከረም የወሰደው 60,000 አግኝቶ 53,934 ጣለ፤ 6,066 ብር አተረፈ። የኅዳሩ 3,736 አተረፈ። የየካቲቱ፣ ስድስተኛው፣ 410 ብር ብቻ። የመጋቢቱ 656 ከሰረ፤ ከዚያ ወዲያ እየባሰ ሄዶ የነሐሴው 5,678 ብር ይከስራል። የሁሉም ትርፍና ኪሳራ ሲደመር ዜሮ ነው። ዕቁቡ ገንዘብ አልፈጠረም፣ አላጠፋምም፤ ከኋለኞቹ ስድስት ወደ ፊተኞቹ ስድስት አዛወረ እንጂ። ንረቱ በወር 1 በመቶ ቢሆን የመጨረሻው ሰው ኪሳራ ወደ 3,059 ይወርዳል።

ዕጣው በእውነት ዕጣ ከሆነ፣ ማለትም በየወሩ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ስትገቡ የሁላችሁም ዕድል እኩል ነውና አማካዩ ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ዙር ለዳኛው ወይም ለሰብሳቢው ተብሎ ከተያዘ ግን ቀሪዎቹ 11 ሰዎች ገና ሲጀምሩ 6,066 ብር ተከፋፍለው ከፍለዋል። ዳኛው ገንዘብ ለመሰብሰብ ይለፋልና ተገቢ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ክፍያ መሆኑ ይታወቅ ነው የምለው።

አሁን ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚስቱትን ልንገራችሁ። ፊተኛው ሰው የሚያተርፈው ገንዘቡን በወሰደበት ወር ወደ ዕቃ ከለወጠው ብቻ ነው። የመስከረሙን 60,000 ወስዶ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አስገባው እንበል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎታል፤ በዚህ 7 በመቶ ነሐሴ ላይ 63,964 ብር ይኖረዋል። በመስከረም ብር ሲመለስ 51,444 ነው። የጣለው 53,934 ነበር። አንደኛ ተራ ደርሶት 2,490 ብር ከሰረ! “ቶሎ ይውጣልኝ” ብላችሁ ከመለመናችሁ በፊት የምትገዙትን ዕቃ፣ የሻጩን ስምና የዛሬውን ዋጋ በወረቀት ጻፉ። የምትጽፉት ካጣችሁ ፊተኛው ተራ ለናንተ ብዙም አይጠቅማችሁም።

የመጨረሻውንም ሰው አብዝተን አንዘንለት። በየወሩ 5,000 ብር ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጥ ኖሮ ነሐሴ ላይ ያው 60,000 ይኖረው ነበር። ባንክ ቢያስገባው 61,963፣ ልዩነቱ 2,000 እንኳን አይሞላም። ኪሳራው የሚጎላው ሌላ አማራጭ ካለው ነው፦ በየወሩ በ5,000 ብሩ ሲሚንቶ ወይም ለሱቁ ዕቃ መግዛት የሚችል ሰው ከሆነ መጨረሻ ላይ መቀመጡ በእርግጥ ይጎዳዋል። ገንዘቡ እጁ ላይ የማይቆይለት ሰው ከሆነ ግን ነሐሴ ላይ 60,000 ብር ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ካልኩሌተር አይነግራችሁም።

ርዝመቱን ተጠንቀቁ። ያው 5,000 ብር፣ ያው 2 በመቶ፣ ሰዎቹ ግን 24 ቢሆኑ ዕቁቡ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የመጨረሻው ሰው 120,000 ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ወር ዋጋ ግን 76,099 ነው። የጣለው 96,461 ነበር፤ 20,362 ብር ሄደበት። በ12ቱ ዕቁብ ከጣለው 10.5 በመቶ ነበር የሚያጣው፣ እዚህ 21 በመቶ ሆነ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ብዙ ሰው ያለበትን ዕቁብ ከወደዳችሁ በየሳምንቱ የሚጣል ይሁን፤ 24 ሳምንት ስድስት ወር አይሞላም።

ዕጣ መግዛትና መሸጥ ላይ ሒሳቡ በቀጥታ ይጠቅማችኋል። ጥቅምት ላይ ዕጣው ወጣላችሁ፤ አንዱ አባል ቸግሮት “ለኔ ልቀቁልኝ፣ 3,000 ብር ልጨምር” አላችሁ እንበል። ብትለቁለት እናንተ ወደ ዕጣው ትመለሳላችሁ፤ ከኅዳር እስከ ነሐሴ 10 ዙር ቀርቷል። ቀጣዩ ወር ሊወጣላችሁ ይችላል፣ ነሐሴም ሊሆን ይችላል፤ በአማካይ አምስት ወር ተኩል ትጠብቃላችሁ። በቸኮለ ግምት አምስት ተኩልን በ2 በመቶ አባዙ፣ 11 በመቶ ነው፤ የ60,000 11 በመቶ 6,600 ብር። በትክክል ሲሰላ ጥቂት ይቀንስና 6,104 ይሆናል። 3,000 ብር ከዚህ ግማሽ አይሞላም። እርግጥ ለታመመ ወይም ሐዘን ለገባበት ሰው የሚለቀቅ ዕጣ አይተመንም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ለንግድ ለሚፈልገው ግን 6,000ውን ጥሩት፣ ያውም በዚያው ቀን በእጅ ይከፈላችሁ። “ነሐሴ ላይ እሰጣለሁ” ካለ የነሐሴ ብር መሆኑን አትርሱ።

መዋጮውን መሃል ላይ ከፍ ማድረግም አንድ መላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 5,000፣ ከመጋቢት ጀምሮ 5,600 ቢጣል፣ የመጨረሻው ሰው 67,200 ይወስዳል፤ ኪሳራው ከ5,678 ወደ 2,932 ይወርዳል። ግን አንድ ጉድለት አለው። የካቲት ላይ የወሰደው ሰው በአሮጌው መጠን ተቀብሎ የሚቀሩትን ስድስት ወራት በአዲሱ ይከፍላል። ቀድሞ 410 ብር ያተርፍ የነበረው አሁን 2,634 ይከስራል፤ ከሱ አንድ ወር በኋላ የሚወስደው የመጋቢቱ ደግሞ ያተርፋል። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጭማሪውን በየሁለት ወሩ በ200 ብር ብትበትኑት ይለዝባል። መጠኑና ወሩ ግን የመጀመሪያው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ተጽፎ ይፈረምበት፤ አንድ ሰው እንኳ ከወሰደ በኋላ “እንጨምር” ብትሉ የወሰደው እሺ የሚልበት ምክንያት የለውም።

የመጨረሻው ነገር የሚከዳ ሰው ነው። ኅዳር ላይ ወስዶ መጣል ያቆመ አንድ አባል ቢኖርና ዋሱም ባይከፍል፣ ቀጣዮቹ ዘጠኝ ዙሮች 55,000 ይሆናሉ። የመጨረሻው ሰው ኪሳራ ከ5,678 ወደ 9,700 ያድጋል። ንረቱና ክህደቱ ሁለቱም እሱ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ዋስትናው ለሁሉም እኩል መሆን የለበትም። መስከረም ላይ የሚወስድ ሰው ገና 55,000 ብር ዕዳ አለበት፤ የካቲት ላይ የሚወስደው 30,000፤ ሐምሌ ላይ የሚወስደው 5,000 ብቻ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዙሮች ዋሱ ገና ያልደረሰው የዕቁቡ አባል ይሁን። ዕዳው ካልተከፈለ ከዋሱ ዕጣ ላይ እንደሚቀነስ በደንቡ ይጻፍ፤ ገንዘቡም ዋሱ ከፈረመ በኋላ ይሰጥ።