ማታ ማታ የሚንቀራፈፍ ዋይፋይ፦ 40 ሜጋኸርዝ ወይስ 20?

«የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ፍጥነት እንዲጨምር ብዬ ራውተሬን በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 40 ሜጋኸርዝ አደረግሁት፤ ማታ ማታ ግን ጭራሽ ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?»

የ2.4 ጊጋኸርዙን የቻናል ስፋት፣ ማለትም Channel Width የሚለውን፣ ወደ 20 MHz ይመልሱትና ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 የጎረቤቶችዎ ሲግናል ደካማ ሆኖ በሚታይበት ላይ ያድርጉት። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝም ካለው እሱን 80 MHz ላይ አድርገው ስልክዎንና ላፕቶፕዎን ወደዚያ ያዛውሩ።

ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም በወረቀት ላይ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ነገር ግን 2.4 ጊጋኸርዝ በጠቅላላው 80 ሜጋኸርዝ ገደማ ስፋት ብቻ ስላለው፣ እርስ በርስ የማይነካኩት ባለ 20 ቻናሎች ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። 40 ሲያደርጉት ከግማሽ የማያንሰውን ቦታ ስለሚይዙ፣ የብዙ ጎረቤቶች ስርጭት ከእርስዎ ጋር ይጋጫል፤ ራውተርዎም ተራ ሲጠብቅና የተበላሸውን ደግሞ ሲልክ ያመሻል። 5 ጊጋኸርዝ ግን ሰፊ ነው፤ ግድግዳም የጎረቤትን ሲግናል የበለጠ ያዳክምልዎታል።

ይኸው ግድግዳ የእርስዎንም ሲግናል እንደሚያዳክም ግን አይዘንጉ። እኔ 5 ጊጋኸርዙን 80 አድርጌው ሳሎን ውስጥ እጅግ ፈጣን ሆኖ ሳለ፣ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ጀርባ ባለው መኝታ ቤት ይቆራረጥብኝ ነበር፤ ወደ 40 ስመልሰው ረጋ። ስፋቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር አብሮ የሚገባው ጫጫታ በ3 ዴሲቤል ስለሚጨምር፣ ደካማ ሲግናል በውስጡ ይዋጣል። ስለዚህ ፍጥነቱን ራውተሩ አጠገብ ሳይሆን በሚቸገሩበት ክፍል፣ በሚቸገሩበት ሰዓት ይለኩ።