ላሟን ፈልጉ፦ በገጠር ፎቶ ላይ ያሉ ከብቶች ስለ አካባቢው ምን ይነግሩናል? (ጥያቄና መልስ)

«ጋሼ፣ አዳማ አቅራቢያ የተነሣ ነው ተብሎ የደረሰኝ ፎቶ አለ። ሻኛቸው ትልልቅ የሆኑ ነጫጭ ኮርማዎች ሞልተውበታል። የቦረና ከብቶች መሆናቸውን ስላወቅሁ ፎቶው ከቦረና ነው ብዬ ተከራከርኩ። ልክ ነኝ?» (ከአዳማ)

ከብቶቹን በትክክል ለይተዋቸዋል፤ ቦታውን በተመለከተ ግን ፎቶውን የላከልዎት ሰው ልክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የቦረና ኮርማ ከቀዬው እጅግ ርቆ የሚጓዝ ከብት ነው። ከያቤሎና ከዙሪያው ገበያዎች ተገዝቶ በቡሌ ሆራ፣ በዲላና በሀዋሳ በኩል በጭነት መኪና ወደ ሞጆና ወደ አዳማ ይመጣል፤ እዚህ በማድለቢያ በረት ጥቂት ወራት ከተቀለበ በኋላም ብዙው በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ከአዳማ ወጣ ሲሉ በሚያገኟቸው የማድለቢያ ግቢዎች ውስጥ አንድ ላይ የታጎሩ የቦረና ኮርማዎችን ማየት የተለመደ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ በረት ውስጥ የሚያድሩት ከብቶች ግን አነስ ያሉና ቀይ፣ ጥቁር ወይም ዳልቻ ሆነው መልካቸው የተቀላቀለ ነው።

የአርብቶ አደር መንጋንና የማድለቢያ በረትን ለመለየት ከዝርያው በፊት ጾታና ዕድሜ ይመልከቱ። በአርብቶ አደር መንጋ ውስጥ የሚበዙት ላሞች ናቸው፤ ጊደሮችና ጥጆች አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ኮርማው አንድ ወይም ጥቂት ነው። በማድለቢያ በረት ውስጥ ግን ሁሉም ወንድ ነው፤ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ጥጃ የሚባል የለም። ሣር ያልበቀለበት የተረገጠ መሬት፣ ረጅም የመኖ ገንዳና በጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ቁጥር ከተጨመረበት ጉዳዩ የንግድ ከብት ለመሆኑ ብዙም አያጠራጥርም። እኔ በዚህ አካባቢ በእንስሳት እርባታ ሙያ ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝና ለፎቶ ተመልካች አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው ይኸው ነው፦ ወንዱ ይሸጣል፣ ይጓዛል፤ የምትወልደው ላም ግን አብዛኛውን ጊዜ በተወለደችበት አገር ትቀራለች። አካባቢውን የምትነግረን ጥጃ የምታጠባዋ ላም ናት።

«ጥቁርና ነጭ ቡሬ ላም ካየሁ የፈረንጅ ላም ናት ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶው የከተማ ዳር ወይም እንደ ቢሾፍቱና አሰላ ያለ ወተት የሚመረትበት አካባቢ ነው ብል አልሳሳትም አይደል?» (ከሞጆ)

በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በአሰላና በሀዋሳ ዙሪያ ለተነሣ ፎቶ ግምትዎ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በሰሜን ግን ቡሬነት የአገር ዝርያ መልክ የሆነባቸው ከብቶች አሉ። አንደኛው በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለው ረግረጋማ ሜዳ የሚረባው የፎገራ ከብት ሲሆን፣ ሌላው በሁመራና በኤርትራ ቆላማ ክፍል የሚገኘው በጋይት ነው። ቀለምን ብቻ ይዘው ከተነሡ ከጣና ዳር የመጣችውን ላም ቢሾፍቱ ላይ ያሳርፏታል።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ያሳየኝን ፎቶ ላስረዳ። አንዲት ቡሬ ላም ከጎኗ ጥጃ ይዛ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውኃ በያዘ ሣር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ይታያል። ወጣቱ ከጀርባዋ ጀምሮ እንዲያይ ነገርኩት። የፈረንጅ ደም የበዛባት ላም ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው፤ ሻኛ የላትም ወይም ምልክቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከአንገቷ ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳ ትንሽ ነው፤ ጋቷ ትልቅ ሆኖ ከኋላ እግሮቿ መካከል ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ቀንዷም ብዙ ጊዜ በጥጃነቷ ስለሚተኮስ አይኖርም። በፎቶው ላይ ያለችው ላም ግን ትንሽ ብትሆንም የማትካድ ሻኛ ነበራት፤ ከአንገቷ ሥር ያለው ቆዳ እስከ ደረቷ ይወርዳል፤ ቀንዶቿ አጫጭር ናቸው፤ ጋቷም መካከለኛ ነው። በዚህ ላይ ረግረጉ ሲጨመር የፎገራ ላም ለመሆኗ ጥርጣሬ አልቀረኝም። በጋይት ብትሆን ኖሮ ከበስተኋላዋ የምጠብቀው ደረቅ፣ ሞቃት ቆላ ነበር፤ ሁለቱን በመልክ ብቻ መለየት ግን ለባለሙያም ቢሆን አስቸጋሪ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ከቦረና ወይም ከአርሲ ላምና ሆልስታይን ከሚባለው ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዝርያ ኮርማ የተወለደች የመጀመሪያ ዲቃላ አብዛኛውን ጊዜ ቡሬ አትሆንም፤ ጥቁር ሆና በሆዷ ሥርና በጋቷ አካባቢ ነጭ ይኖራታል። ጥቁርነት ስለሚያይል ነጩ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ በከተማ ዳር የምናያት ድፍን ጥቁር ላም ከቡሬዋ ባልተናነሰ የዲቃላ ምልክት ናት።

«እኔ ያለችኝ አንዲት ዲቃላ ጊደር ናት፤ ግንባሯ ቦቃ ነው። ፎቶዋን ልልክልዎት እችላለሁ። የፈረንጅ ደሟ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይነግሩኛል?» (ከሀዋሳ)

ከመቶ ስንት እንደሆነ ከፎቶ የሚናገር ሰው ቢያጋጥምዎት አይመኑት። በግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ስለ ደም መጠን ምንም አይነግረንም። እናቷ ምን ዓይነት ላም እንደነበረችና የተዳቀለችው በየትኛው ኮርማ እንደሆነ መዝገብ ካለ ከዚያ ማስላት ይቻላል፤ የማዳቀል አገልግሎቱን የሰጠዎት ባለሙያ የኮርማውን ቁጥር ጽፎ ከሆነ ይጠይቁት። እናትየዋ የአገር ላም ሆና ኮርማው ንጹሕ ሆልስታይን ከነበረ ግማሽ በግማሽ ናት፤ ያችው ግማሽ ደም ያላት ላም እንደገና ለሆልስታይን ከተዳቀለች ጥጃዋ ሦስት አራተኛ ትሆናለች።

«በጎችስ? ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ሌላው አካላቸው ነጭ የሆኑ በጎች ያሉበት ፎቶ ሶማሌ ክልል ነው ይባላል።» (ከአዳማ)

ጥቁር ራስ በግ በሶማሌ ክልልና በቦረና ቆላ ብቻ ሳይሆን በሶማሊያና በሰሜን ኬንያም የሚረባ ስለሆነ፣ በጉ የአገር ድንበርን አይነግረንም፤ ቆላማውን የአርብቶ አደር ምድር ግን በደንብ ያመለክታል። በበግ ላይ ከራሱ ቀለም ይልቅ የኋላውን ማየት ይበጃል። የጥቁር ራስ በግ ስብ የሚከማቸው በዳሌው ላይና በጅራቱ ሥር ነው፤ ከስቡ ጫፍ ላይ አጭር ጅራት ብቻ ትንጠለጠላለች። የመንዝ በግ ግን ጸጉሩ ሻካራና ረጅም፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ ላቱ ሰፊ ነው፤ የአርሲና የባሌ በግ ረጅም ላት አለው፤ ብዙ ጊዜ ሴቷም ቀንድ ታበቅላለች። ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው የምዕራብ ቆላ ደግሞ ስብ የሌለው ቀጭን ጅራት ያላቸው በጎች ይገኛሉ። ፎቶው ከፊት ለፊት ብቻ ተነሥቶ ኋላቸው ካልታየ ፍርዱን ማዘግየት ይሻላል።

ዶርፐር የሚባለው ዝርያ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተፈጠረው የሶማሌው ጥቁር ራስ በግ ዘር ከእንግሊዝ በግ ጋር ተዳቅሎ ስለሆነ ጥቁር ጭንቅላቱን ወርሷል፤ ወደ አገራችንም ለማዳቀያ ገብቷል። እሱ ግን ሰውነቱ ወፍራምና ሰፊ፣ እግሩ አጭር ሲሆን በዳሌው ላይ ያ የስብ ክምር የለበትም። ይህን ካዩ ከአርብቶ አደር ሜዳ ይልቅ የእርባታ ማዕከልን ወይም ዝርያው የተሰጣቸውን ገበሬዎች ያስቡ።

በአዳማ የበግ ተራ ስለሚነሡ ፎቶዎችም ልናገር። በፋሲካና በገና ሰሞን ከአርሲ ደጋም፣ ከሸዋም፣ ከቆላም የመጣ በግ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። በአንድ ፎቶ ላይ የላት ዓይነት ሲቀላቀል የሚነግረን ቦታው ገበያ መሆኑን ነው፤ ከዚያ አልፎ አካባቢን ከበጉ ለማወቅ መሞከር አያዋጣም።

«ጋሼ፣ እኔ ከያቤሎ ከብት እየገዛሁ ለዓመታት የነገድሁ ሴት ነኝ። “ላሟ አገሯ ትቀራለች” ያሉትን በደጉ ጊዜ እቀበለዋለሁ። በድርቁ ጊዜ ግን ጥጃ ያስከተሉ ላሞች ሳይቀሩ ሲሸጡና ሲጫኑ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የተነሣ ፎቶ ላይ ምክርዎ ይሠራል?» (ከሀዋሳ)

እህቴ፣ ይህን ያነሡት ከገበያው ውስጥ ሆነው ስለሆነ ክብደት እሰጠዋለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቦረና ዝናቡ ለበርካታ ወቅቶች በተከታታይ ቀርቶ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ የቀረውም በረከሰ ዋጋ ተሽጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለቤቱ መጨረሻ ድረስ የሚይዛትን ላም ሳይቀር ይለቃታል፤ ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት መንገድ ላይ ወይም ገበያ ላይ የተነሣ ፎቶ ላይ ላሟን የቦታ ምስክር አላደርጋትም። የከሳ ጎን፣ ወደ ውስጥ የገባ ሆድና ወጣ ወጣ ያለ የዳሌ አጥንት ካለ የድርቅ ስደትን ወይም የችግር ሽያጭን መጠርጠር ይገባል።

ከድርቁ በኋላ ስላለው ግን ከእርስዎ በጥቂቱ እለያለሁ። መንጋውን እንደገና የሚያቋቁም ሰው ጊደር የሚገዛው በተቻለ መጠን ከራሱ አካባቢ ወይም ያንኑ ዝርያ ከሚያረባ ጎረቤት ይመስለኛል፤ ሙቀቱንና የውኃ ጥሙን የማትችል ጊደር አትጠቅመውምና። የእርስዎ ገበያ ሌላ ነገር ካሳየዎት ግን እሱን መስማት እወዳለሁ፤ በተለይም ከአርሲ ወይም ከጉጂ የመጡ ጊደሮች ወደ ቦረና በብዛት ገብተው እንደሆነ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

«ቀንዳቸው እጅግ ትልልቅ የሆኑ ከብቶች ያሉበት ፎቶ አለኝ። አንዱ ራያ ነው አለኝ፣ ሌላው አፋር ነው ይላል። ማንን ልመን?» (ከአዳማ)

ሁለቱም ምክንያት አላቸው። የራያና የአፋር ከብቶች ተዛማጅ ናቸው፤ ሁለቱም ሻኛቸው አነስ ያለና ቀንዳቸው ረጅም ነው፤ የግጦሽ አገራቸውም ይዋሰናል። ከብቶቹን ትተው ሌሎቹን እንስሳት ይፈልጉ። ጥንድ በሬ ተጠምዶ የሚያርስ ከሆነ ወደ ራያ፣ ግመሎችና ጸጉራቸው አጭር፣ ላታቸው ሰፋ ያለ በጎች አብረው ካሉ ወደ አፋር አዘነብላለሁ። ከሁለቱም አንዱ ካልታየ ግን በእኔ በኩል «ከሁለቱ አንዱ» ከማለት ያለፈ መልስ የለኝም፤ የተለየ የአለባበስ ምልክት ያላቸው እረኞች በፎቶው ላይ ካሉ እነሱን ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ ሰው ያሳዩ።