ኤምአርኤንኤ ከኒውክሊየስ እስኪወጣ፦ የቤታ ግሎቢን ጉዞ

ጥያቄው፦ «ካፒንግ፣ ስፕላይሲንግ፣ ፖሊአዴኒሌሽን፤ ስማቸውን ይዣለሁ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ሁሌ ይምታታብኛል። ጂኑ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚጀምሩት? አንዱ ቢበላሽስ ኤምአርኤንኤው ይወጣል? ቀስ አድርጎ የሚያስረዳኝ ካለ።»

እህቴ፣ ለዓመታት ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪዎችን ሳግዝ ብዙዎችን የሚያምታታቸው ሥዕሉ እንደሆነ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሙሉው አርኤንኤ ይሣላል፤ ከዚያ ካፕ፣ ከዚያ ስፕላይሲንግ፣ ከዚያ ጭራ። ሲታይ ሥራው ቅጂው ካለቀ በኋላ የሚጀመር ይመስላል። አይደለም። አብዛኛው የሚሠራው አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ሁለት የተባለው ኢንዛይም ዲኤንኤውን እየቀዳ ሳለ ነው። ኢንዛይሙ ከኋላው ረጅም የፕሮቲን ጭራ አለው። ይህ ጭራ ላይ ፎስፌት የሚለጠፍበት ቦታ ጉዞው እየገፋ ሲሄድ ይቀያየራል። በዚያው ልክ መጀመሪያ የካፕ ኢንዛይሞች፣ ቆይቶ ደግሞ የመቁረጫዎቹ ፕሮቲኖች ይሰበሰቡበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከፖሊመሬዙ ጉዞ ጋር አያይዘሽ ያዢው።

እስከ መጨረሻው አንድ ጂን ብቻ እንከተል፦ የሄሞግሎቢንን አንድ ክፍል የሚሠራውን የሰው ቤታ ግሎቢን። ትንሽ ጂን ነው። ኤምአርኤንኤው ውስጥ የሚቀሩ ሦስት ኤክሶኖችና በመካከላቸው ተቆርጠው የሚወጡ ሁለት ኢንትሮኖች አሉት። የመጀመሪያው ኢንትሮን 130 ፊደል ብቻ ነው።

አርኤንኤው ከፖሊመሬዙ ብቅ ብሎ ከ20 እስከ 30 ፊደል ሲሆን ካፑ ይገጠማል። አዲሱ አርኤንኤ ሲወለድ ጫፉ ላይ ሦስት ፎስፌቶች አሉት። አንዱ ኢንዛይም ከሦስቱ የመጨረሻውን ይነቅላል። ሁለተኛው ከጂቲፒ ላይ ጂ ከአንድ ፎስፌት ጋር ወስዶ ይገጥማል፤ ግን አቅጣጫው ተገልብጦ ነው፣ ጫፍ ለጫፍ። ሦስተኛው በዚያ ጂ ላይ ሜቲል ይጨምራል። ይኸው ነው። ከጫፍ እየበሉ የሚመጡ ኢንዛይሞች የተገለበጠውን ጫፍ መያዝ ስለማይችሉ አርኤንኤው ይተርፋል። ካፑን ወዲያው የሚይዙት ሁለት ፕሮቲኖችም አሉ፤ እነሱ በስፕላይሲንግም በመውጣትም ጊዜ ያስፈልጋሉ።

ዋናው ነገር ስፕላይሲንግ ነው፤ እዚህ ጋ ቀስ እንበል። አብዛኛው ኢንትሮን በGU ይጀምርና በAG ያልቃል። ከAGው ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ የቅርንጫፍ ነጥብ የምትባል አንዲት A አለች። በቤታ ግሎቢን የመጀመሪያ ኢንትሮን ውስጥ ይህች A ከሁለተኛው ኤክሶን 37 ፊደል ቀድማ ትገኛለች። ዩ1 የሚባለው ቅንጣት GUውን ይይዛል። ዩ2 የቅርንጫፍ ነጥቡን ሲይዝ ያቺን A ወደ ውጭ ገፋ ያደርጋታል። ከዚያ ዩ4፣ ዩ5 እና ዩ6 አንድ ላይ ይመጣሉ። ዩ1 እና ዩ4 ይለቃሉ፤ ዩ6 ከዩ2 ጋር ተጣምሮ የመቁረጫውን እምብርት ይሠራል።

የሚደረጉት ቆረጣዎች ሁለት ናቸው። መጀመሪያ የA ክንድ የGUን መነሻ ይመታና የመጀመሪያው ኤክሶን ይለቃል። ኢንትሮኑ ራሱ ላይ ተመልሶ እንደ ሸምቀቆ ይታሰራል። ቀጥሎ የተለቀቀው ኤክሶን ጫፍ ከAGው በኋላ ያለውን ቦታ ይመታል። ሁለቱ ኤክሶኖች ይገጥማሉ፤ ሸምቀቆው ይወድቃል። ከመጋጠሚያው ከ20 እስከ 24 ፊደል ቀደም ብሎ የፕሮቲን ምልክት ተቀምጦ ይቀራል። ይህን ምልክት አትርሺው፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የትኛውን AG ይመርጣል? ባጭሩ፣ ከቅርንጫፉ A በኋላ መጀመሪያ የሚያገኘውን፣ በጣም ካልተጠጋው በቀር። ይህን የምታሳይ ሚውቴሽን አለች። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን፣ በተለይ በቆጵሮስ፣ በቂ ቤታ ግሎቢን የማይሠራበት የደም ሕመም ለሆነው ለቤታ ታላሴሚያ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዷ ናት። በኢንትሮኑ 110ኛ ቦታ ላይ ያለች አንዲት G ወደ A ትለወጣለች። በቃ። ቀጥ ያለው መስመር ኢንትሮኑ የሚያልቅበትን ያሳያል፦

```
CUAUUGGUCUAUUUUCCCACCCUUAG|GCUGCUG
CUAUUAG|UCUAUUUUCCCACCCUUAGGCUGCUG
```

ላይኛው ጤነኛው ነው። ታችኛው ላይ አዲስ AG ተፈጥሯል፤ ከትክክለኛው በፊት ስለሚገኝም የዩ ቅንጣቶቹ ስብስብ፣ ስፕላይሶሶሙ፣ ብዙውን ጊዜ እሱን ይወስዳል። 19 የኢንትሮን ፊደላት ኤምአርኤንኤው ውስጥ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ኤክሶን የሚያልቀው በAG ስለሆነ ንባቡ እንዲህ ይሆናል፦

```
AGU CUA UUU UCC CAC CCU UAG
```

ስድስት አሚኖ አሲዶች፣ ከዚያ UAG፣ ማለትም ቁም። ልብ በይ፣ ያ UAG የጤነኛው ኢንትሮን መጨረሻ የነበረው ራሱ ነው። አንዲት ፊደል ስትለወጥ የመቁረጫ ምልክት የነበረው የማቆሚያ ምልክት ሆነ።

የአርኤንኤው ጭራ የሚመጣው ፖሊመሬዙ የጂኑን መጨረሻ ካለፈ በኋላ ነው። አርኤንኤው ላይ AAUAAA የሚል ቃል ይወጣል። አንድ የፕሮቲን ስብስብ እሱን ይይዛል፤ ሌላው ከፊት ያለውን G እና U የበዛበትን ቦታ ይይዛል። ከAAUAAA ከ10 እስከ 30 ፊደል አለፍ ብሎ አርኤንኤው ይቆረጣል። ፖሊ ኤ ፖሊመሬዝ ያለምንም የዲኤንኤ አብነት 200 ያህል A ይቀጥልበታል። ፖሊመሬዙ ላይ የቀረው ቁራጭ ካፕ ስለሌለው ከጫፉ እየተበላ ይሄዳል፤ ፖሊመሬዙም ዲኤንኤውን እንዲለቅ የሚረዳው ይህ ነው። ቤታ ግሎቢን ላይ ይህ ቃል AACAAA ሲሆንም ታላሴሚያ ይመጣል፤ አርኤንኤው በቦታው በደንብ ስለማይቆረጥ ከልክ በላይ ይረዝማል። ጭራ የሌለውም አለ፤ ዲኤንኤ ሲባዛ የሚሠሩት የሂስቶን ኤምአርኤንኤዎች ፖሊ A የላቸውም። ፖሊ A ላይ በሚለጠፍ ፕራይመር፣ በኦሊጎ ዲቲ፣ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጠሽ ሂስቶን ብታጪ አይግረምሽ።

አሁን ወደ መውጫው። ካፑ፣ ከስፕላይሲንግ የተረፈው ምልክትና ጭራው አንድ ላይ ሆነው የማውጫ ፕሮቲኖችን ይጋብዛሉ። እነሱ ኤምአርኤንኤውን በኒውክሊየሱ ቀዳዳ ያሻግሩታል። ኢንትሮኑ ያልተቆረጠለት፣ ስፕላይሶሶም የተጣበቀበት አርኤንኤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ይያዛል።

የ110 ሚውቴሽን ያለበት ግን ይወጣል። ለምን አይወጣም? ካፕ አለው፣ ተቆርጧል፣ ጭራ አለው። መውጫው ላይ የሚታየው ሥራው መሠራቱ ነው፤ ኮዶኑን የሚያነብ የለም። ስህተቱ የሚታወቀው ውጭ፣ ራይቦሶም ሲያነበው ነው። UAG ላይ ሲቆም ከፊቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ኤክሶን መጋጠሚያ ላይ ያ የፕሮቲን ምልክት ገና አልተነሣም። በጤነኛ ኤምአርኤንኤ ራይቦሶሙ ምልክቶቹን ሁሉ ጠርጎ ነው ማቆሚያው ላይ የሚደርሰው። ምልክት ከፊቱ ከቀረ ኤምአርኤንኤው እንዲፈርስ ይደረጋል።

ራስሽ ማየት ከፈለግሽ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ኤክሶን ላይ ፕራይመር አስቀምጠሽ አርቲ ፒሲአር ሥሪ። ውጤቱ 100 ፊደል አካባቢ እንዲሆን አድርጊ፤ ያኔ የ19 ፊደል ልዩነት ክምችቱ ከፍ ባለ ጄል ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ይለያል። ከላያቸው፣ ከጤነኛው በ130 ፊደል የሚበልጥ ሦስተኛ መስመር ካየሽ ያልተቆረጠ አርኤንኤ ነው ብለሽ አትቸኩዪ፤ ከዲኤንኤ ብክለትም ያው መጠን ይመጣል። አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ፣ ያልገባበት ቱቦ አብረሽ አስሪጂ፤ እዚያም ከታየ ዲኤንኤ ነው። ሁለቱን መስመሮች ስታወዳድሪም ይህን አስቢ፦ የተሳሳተው ኤምአርኤንኤ እየፈረሰ ስለሆነ መስመሩ የሚያሳይሽ የተረፈውን ነው። መስመሩ ቀጭን ነው ማለት ስህተቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተፈጸመ ማለት አይደለም።