በ y ስናካፍል የሚጠፋብን መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አፕላይድ ስሪ እየወሰድን ነው። በጣና ዳር ባለ አንድ ጥግ ውስጥ የሚስፋፋ እምቦጭን የሚገልጽ ጥያቄ ተሰጠን፦ dy/dt = 0.01y(40 − y)። y በሄክታር፣ t በሳምንት ነው። እኔ ቫሪያብሎቹን ለያይቼ y/(40 − y) = Ce^(0.4t) አገኘሁ። ጓደኛዬ ደግሞ y = 40/(1 + Ae^(−0.4t)) አገኘች። y(0) = 0 ሲባል የእኔ ይሠራል፣ የእሷ በዜሮ ማካፈል ይመጣበታል። y(0) = 40 ሲባል ደግሞ የእሷ ይሠራል፣ የእኔ እምቢ ይላል። ደጋግመን ብናየው ስህተት አጣንበት። የማናችን ነው ልክ?

መልስ፦ ስሌታችሁ የሁለታችሁም ልክ ነው። የጎደላችሁ ነገር አለ፤ እሱም የጎደለው ሁለታችሁም ጋ አንድ መስመር ላይ ነው። ደብተርሽን ክፈቺና የመጀመሪያዋን እርምጃ እያት፦

```
dy / (y(40 − y)) = 0.01 dt
```

እዚህ ለመድረስ ግራና ቀኙን በ y(40 − y) አካፍላችኋል። በአንድ ነገር ማካፈል የሚቻለው ያ ነገር ዜሮ ካልሆነ ነው። ስለዚህ ይህችን መስመር የጻፍሽ ጊዜ «y ዜሮ አይደለም፣ 40ም አይደለም» ብለሽ ቃል ገብተሻል፤ በአፍሽ ባትይውም ብዕርሽ ብሎታል። ከዚያ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

ነገሩን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታውቂዋለሽ። x² = 5x ሲባል ሁለቱን ጎን በ x ያካፈለ ልጅ x = 5 ብሎ ይቀመጣል፤ x = 0 ግን ከእጁ አምልጧል። እዚህም የሆነው ያው ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ ያመለጠው አንድ ቁጥር ነበር፤ አሁን የምንፈልገው ፋንክሽን ስለሆነ ያመለጠውም ፋንክሽን ነው፦ ጊዜው ምንም ይሁን ምን ዋጋው የማይለወጥ ፋንክሽን።

ያመለጡትን ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ኢኩዌሽን ተመለሺ። y = 0 ብለሽ አስገቢ፦ በግራ በኩል የቋሚ ነገር ደሪቬቲቭ ነውና 0፤ በቀኝ በኩል 0.01 × 0 × 40፣ እሱም 0። ተስማምተዋል። y = 40 ብለሽ አስገቢ፦ ግራው 0፣ ቀኙ 0.01 × 40 × 0፣ እንደገና 0። ሁለቱም እውነተኛ መልሶች ናቸው። ምንም ኢንቲግሬሽን አላስፈለጋቸውም፤ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ሁለቱም ከሁለታችሁ ደብተር የወጡት በዚያችው በማካፈያ መስመር ላይ ነው።

ታዲያ ለምን ያንቺ ለ0 ሠራ፣ የእሷ ለ40? እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ እንድትከተይኝ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ተማሪ ሳያየው የሚያልፈው ቦታ ይህ ነውና። በፓርሻል ፍራክሽን ከፍለሽ ኢንቲግሬት ስታደርጊ የምታገኚው ይህን ነው፦

```
ln|y| − ln|40 − y| = 0.4t + c
```

ከዚያ ኤክስፖኔንሻል ወስደሽ አብሶሉት ቫልዩውን ስታነሺ y/(40 − y) = ±e^c · e^(0.4t) ይሆናል። ±e^c ን ደግሞ C ብለሽ ጠራሽው። ግን e^c መቼም ዜሮ አይሆንም። c የፈለገችውን ብትሆን e^c ከዜሮ በላይ ነው፤ ± ብትጨምሪበት አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ሥራሽ የሰጠሽ C ዜሮን አይጨምርም። ከዚያ y(0) = 0 ስትይ C = 0/40 = 0 አገኘሽ፤ C = 0 ሲገባም y = 0 ወጣልሽ። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከስሌትሽ የተገኘ አይደለም። በፊት በር ያስወጣሽው እንግዳ በጓሮ በር ተመልሶ ገባልሽ።

የጓደኛሽም እንዲሁ ነው። እሷ ኢኩዌሽኑን ገልብጣ (40 − y)/y = Ae^(−0.4t) ብላ ነው የሄደችው፤ የእሷ A ያንቺ 1/C ነው። A = 0 ስትል 40 − y ዜሮ ይሆናል፤ y = 40 ተመልሶ ገባላት። የአንቺ C = 0 በእሷ ቋንቋ «A ወሰን የለውም» ማለት ስለሆነ y = 0 እሷ ጋ የሚገባበት በር አጣ። የእሷ A = 0 ደግሞ አንቺ ጋ ወሰን የሌለው C ነው፤ y = 40 አንቺ ጋ ያልተገኘው ለዚህ ነው። ሁለቱም መልሶች ከሁለታችሁም ጠፍተው ነበር፤ የትኛው ተመልሶ እንደሚገባ የወሰነው ኮንስታንቱን ያስቀመጣችሁበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ «ኮንስታንቱን ዜሮ ሳደርገው ይመጣል» የሚለውን ዘዴ አትመኚው። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም፤ በመጣም ጊዜ በመጀመሪያው ኢኩዌሽን ላይ አስገብተሽ ማረጋገጥ አለብሽ።

ሙሉው መልስ እንግዲህ፣ በአንቺ አጻጻፍ፣ y/(40 − y) = Ce^(0.4t) ሆኖ C ማንኛውም ቁጥር (ዜሮንም ጨምሮ፣ ስላረጋገጥን)፣ እና ከጎኑ ለብቻው የተጻፈ y = 40 ነው። ኮንስታንቱን በመነሻው ዋጋ፣ ማለትም y(0) = y₀ ብለሽ ብትጽፊው ደግሞ ሁለቱም በአንድ መስመር ይገባሉ፦

```
y = 40·y₀ / (y₀ + (40 − y₀)·e^(−0.4t))
```

y₀ = 0 አስገቢ፦ ላዩ ዜሮ፣ ታቹ ዜሮ ያልሆነ፤ መልሱ 0። y₀ = 40 አስገቢ፦ 1600 ለ40፤ መልሱ 40። እኔ በዚህ መልክ መጻፍን እመርጣለሁ።

«0 ሄክታር እምቦጭ ማለት ምንም የለም ማለት ነው፤ ቢቀር ምን ይጎዳል?» የሚል ተማሪ አለ። እምቦጭ በጣና ላይ ጎልቶ መታየት ከጀመረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የዋለ ገበሬ የለፋው ለዚሁ ዜሮ ነው። በአንቺው ኢኩዌሽን እናስላው። ከ40 ሄክታሩ ተነቅሎ ተነቅሎ 10 ካሬ ሜትር ብቻ ቀረ እንበል፤ የአንድ ክፍል ቤት ወለል ያህል ማለት ነው። በሄክታር 0.001 ነው። C = 0.001/39.999 ይሆናል። እምቦጩ የጥጉን ግማሽ፣ 20 ሄክታር፣ እስኪይዝ ድረስ ስንት ጊዜ ይወስዳል? y = 20 ሲሆን የግራው ጎን 20/20 = 1 ስለሆነ e^(0.4t) = 39999 ይሆናል፤ ከዚያ 0.4t = 10.6 ገደማ፣ t = 26.5 ሳምንት። በስድስት ወር ገደማ ግማሹን መልሶ ያዘው ማለት ነው። ቁጥሮቹ የመማሪያ ቁጥሮች ናቸው፤ ሐይቁ ላይ ዘር በጭቃ ውስጥ ቆይቶ ሊበቅል፣ ነፋስም ከሌላ ቦታ ሊያመጣው ይችላል፤ ይህ ኢኩዌሽን ያንን አያውቅም። ኢኩዌሽኑ የሚያውቀው ግን ግልጽ ነው፦ 10 ካሬ ሜትር ከቀረ ይመለሳል፣ 0 ከሆነ 0 ሆኖ ይኖራል። ይህን ልዩነት የያዘው y = 0 የሚለው መልስ ነው። የጓደኛሽ ፎርሙላ ለብቻው ቢቀር፣ ሙሉ በሙሉ የጸዳ ውሃ የሚባል ነገር በዓለሙ የለም።

ሌላ የምትጠይቂውን ልገምት፦ «y መጀመሪያ ላይ 10 ቢሆን፣ በመሃል ላይ ድንገት 40 ሆኖ ማካፈሌ ልክ ያልሆነ ይሆን?» አይሆንም። የቀኙ ጎን፣ 0.01y(40 − y)፣ ለስላሳ ፖሊኖሚያል ስለሆነ በአንድ ነጥብ የሚያልፍ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ የብቸኝነት ቲዎረም ያልነው ይህ ነው። y = 40 ራሱ መልስ ስለሆነ ከ10 የተነሳ ከርቭ እሱን ሊነካው አይችልም፤ ቢነካው በዚያ ነጥብ ሁለት መልስ ሊያልፍ ነው። እየተጠጋ፣ እየተጠጋ ይኖራል እንጂ አይደርስበትም። ስለዚህ በ0 እና በ40 መካከል ለተነሳ መልስ ማካፈሉ እስከ መጨረሻው የተፈቀደ ነው። ቋሚዎቹ መልሶች ለሌሎቹ አጥር ናቸው።

አሠራርሽን እንዲህ አድርጊው። ከማካፈልሽ በፊት ልታካፍዪበት ያለውን y ያለበትን ክፍል በኅዳጉ ላይ ጽፈሽ ከዜሮ ጋር አስተካክዪው፤ የተገኙትን ቋሚዎች በመጀመሪያው ኢኩዌሽን ላይ ሞክሪያቸውና መልስ ናቸው ብለሽ መዝግቢያቸው። ከዚያ አካፍዪ። t ብቻ ባለበት ነገር ስታካፍዪ ይህ አያስፈልግም፤ t የምንፈልገው ነገር አይደለምና። መጨረሻ ላይ የመዘገብሻቸው ከፎርሙላሽ ይወጡ እንደሆን እዪ፤ ያልወጣውን ከጎን ጻፊው። እኔ ፈተና ሳርም የማየው ስህተት ከኢንቲግሬሽኑ ይልቅ በዚህች ባልተጻፈች መስመር የሚበዛ ስለሆነ ነው እንዲህ የማስረዝመው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ቋሚው መልስ አጥር የማይሆንበት፣ ጭራሹን ሌላው መልስ የሚገባበት ሁኔታ አለ። ከሥሩ የተከፈተ ሮቶ አስቢ፤ h የውሃው ከፍታ በሜትር፣ t በሰዓት፣ dh/dt = −2√h፣ መጀመሪያ ላይ h = 1። በ√h አካፍለሽ ስትሠሪው h = (1 − t)² ታገኛለሽ። ግማሽ ሰዓት ላይ 0.25 ሜትር፣ አንድ ሰዓት ላይ 0። ጥሩ። ሁለት ሰዓት ላይ አስገቢ፦ h = 1 ሜትር! ሮቶው ማንም ሳይቀዳበት መልሶ ሞላ። ውሃ ቀድታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ይህ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ኢኩዌሽኑም አይቀበለው፤ dh/dt ከዜሮ አይበልጥም እያለ ፎርሙላሽ ከፍታው ይጨምራል ይላል። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ሰዓት ላይ h ዜሮ ደረሰ፣ «h ዜሮ አይደለም» ያልሽው ቃል እዚያው ፈረሰ፣ ፎርሙላውም ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው በማካፈል የጠፋው h = 0 ነው። √h ዜሮ ላይ ለስላሳ ስላልሆነ የብቸኝነቱ ቲዎረም እዚያ አይጠብቀንም፤ ከርቩ ቋሚውን መስመር መንካት ብቻ ሳይሆን ገብቶበት ይቀራል። ስለዚህ መልሱን በሁለት ክፍል ጻፊው፦ t ከ0 እስከ 1 ሲሆን h = (1 − t)²፣ ከ1 በኋላ h = 0።