የልብ ድካም ታማሚ ቤቷ ይዛው የምትገባው ወረቀት፦ በየዋርዱ ለምትሰሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ነርሶች፣ ኢንተርኖች፣ ጤና መኮንኖች፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ታማሚ ሲወጣ ስለምትሰጡት ወረቀት፣ ዲስቻርጅ ስለምንለው። እኔ ብዙ እድሜዬን የሰራሁት እዚህ ወሎ የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው፣ ስለ ሁሉም በሽታ ባወራ አይዘልቅልኝም ስለዚህ የልብ ድካምን ልያዝ፣ ለምን መሰላችሁ የልብ ድካም ታማሚ ቶሎ ተመልሶ የሚመጣ ታማሚ ነው፣ የሚመልሰውም ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነው፣ ጨው፣ የተቋረጠ ኪኒን፣ ሳይታይ የሰነበተ እብጠት።

አንዲት እናት እናስብ። 45 ዓመቷ ነው፣ ባቲ ዙሪያ ገጠር ነው የምትኖረው፣ በልጅነቷ የጉሮሮ ህመም ሲመላለስባት የልብ ቫልቯን ጎድቶት አሁን ልቧ ደክሟል። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ቤት ውስጥ የሚያነብላት 6ኛ ክፍል የሆነ ልጇ ነው። ወረቀቷ ላይ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ ወደኛ ፊደል ባመጣው እንዲህ ይላል፦ ፍሮሴማይድ 40 ሚሊግራም በአፍ ቢአይዲ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በጡንቻ በየ4 ሳምንቱ፣ ጨው መቀነስ፣ ፈሳሽ በቀን 1.5 ሊትር፣ ክብደት በየቀኑ መከታተል፣ ምልክት ከባሰ መመለስ። ለኛ ይሄ ግልጽ ነው፣ ምንም የጎደለው የለም። ለዛ ልጅ ግን አንዱም መስመር ነገ ጠዋት እናቱ ምን እንደምታደርግ አይነግረውም። እያንዳንዱን ወደ አማርኛ ብትገለብጡትም አይነግረውም፣ "ክብደት በየቀኑ መከታተል" አማርኛ ነው ግን ባቲ ገጠር ያለች ሴት በምኗ ትመዘን?

ስለዚህ ስትጽፉ ከበሽታው ስም አትጀምሩ፣ ጠዋት ስትነሳ ከምታደርገው ጀምሩ። ፍሮሴማይድን እንይ። ቢአይዲ ማለት በቀን ሁለቴ ነው፣ "በየ12 ሰዓቱ" ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን አንዱን ማታ ትውጠዋለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ያመላልሳታል፣ ደጅ ወጥቶ በጨለማ መሽናት ደግሞ ለደከመ ሰው መውደቅ ነው፣ ከሁለት ሶስት ሌሊት በኋላ ኪኒኑን ራሷ ታቆመዋለች። ሁለተኛው ቀን ላይ መሆን አለበት። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ጻፉት፣ ጠዋት 2 ሰዓት እና ቀን 8 ሰዓት፣ ሰዓት የማታይ ከሆነ ከምታውቀው ነገር ጋር እሰሩላት፣ "ጠዋት ቁርስ ላይ 1 ፍሬ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ምሳ ላይ 1 ፍሬ፣ ማታ አይወሰድም"። የሚመጣባትን ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ኪኒኑ እየሰራ ስለሆነ ነው። ይሄን ካላወቀች በሽታ የጨመረባት ይመስላታል።

አንድ የምትረሱት ነገር አለ፣ የገበያ ቀን። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይዛት ብላ ሰኞ ሰኞ ኪኒኗን አትውጥም፣ ይሄን ካልጠየቃችኋት አትነግራችሁም። መንገድ በምትሄድበት ቀን በስንት ሰዓት ትውሰደው የሚለውን ያዘዘውን ሀኪም ጠይቁና ወረቀቱ ላይ አስፍሩት፣ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ገፋ ማድረግ ይቻላል፣ ጨርሶ ከመተው በጣም ይሻላል።

"1 ፍሬ" ስትሉ ግን ተጠንቀቁ። 1 ፍሬ ልክ የሚሆነው ፍሬው 40 ሚሊግራም ከሆነ ነው፣ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ የ25ም የ50ም የ100ም አለ፣ ቀጣዩን ወር ከሌላ መድሀኒት ቤት ገዝታ በሌላ መጠን ቢሰጧት ወረቀቷ ራሱ ያሳስታታል። ስለዚህ ከፍሬው ቁጥር አጠገብ ሚሊግራሙን አትሰርዙት፣ ፋርማሲስቱ ያየዋል። በቀለምም አትለዩላት፣ "ነጩ" ማለት አይረባም፣ ብዙው ኪኒን ነጭ ነው ፋብሪካው ሲለወጥም መልኩ ይለወጣል። የመድሀኒቱ ፖስታ ላይ በእስክሪብቶ ጸሀይ ሳሉበት፣ ሁለቴ ለሚወሰደው ሁለት ጸሀይ፣ አንዴ ለሚወሰደው አንድ።

ብዛቱንም ቁጠሩ። በቀን 2 ፍሬ ለ30 ቀን 60 ነው፣ ቀጠሮዋ ከ5 ሳምንት በኋላ ከሆነ 5 ቀን ያለ መድሀኒት ትቀራለች ማለት ነው፣ ወይ ቀጠሮውን አቅርቡት ወይ ኪኒኑን ጨምሩ። "ለ1 ወር" የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ህክምናው ያለቀ ይመስለዋል፣ እብጠቱም ጠፍቷል፣ ተኝታለች፣ በልታለች፣ ለምን ትቀጥላለች? እንዲህ በሉት፣ "እብጠቱ የጠፋው መድሀኒቱ ስለያዘው ነው፣ ቢሻልዎትም አያቁሙ፣ 10 ፍሬ ሲቀር ሄደው ያምጡ።" በቀን 2 ለምትወስድ 10 ፍሬ 5 ቀን ነው።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሁላችንም የምናልፈው። "ጨው ይቀንሱ" ስትሏት እሺ ትላለች፣ ከልቧ ነው፣ ወጥ ላይ አትነሰንስም። የኛ ቤት ጨው ግን የሚገባው ወጥ ላይ ብቻ አይደለም፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቷል፣ ድስቱ ላይ ምንም ሳትጨምር ጨው በልታለች፣ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ቤትም አለ። ስለዚህ ጠይቋት፣ በርበሬውን ማነው የሚያዘጋጀው፣ ጨው ስንት ይገባበታል፣ ሽሮውስ። ከዛ ወረቀቱ እንዲህ ይላል፣ "ለእርስዎ የሚሆን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ለብቻው ይዘጋጅ። ያለው እስኪያልቅ ድስቱ ላይ ጨው አይጨመር። ቡና ያለ ጨው።" ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ እሱም ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ተደምሮ ነው። ይሄን ለሷ ብቻ አትንገሯት፣ ምግብ የምታበስለው ምራቷ ወይ ልጇ ከሆነች እሷን ጥሩልኝና አብራ ትስማ።

ፈሳሹ ቀላል ነው፣ 1.5 ሊትር በባለ 1 ሊትሩ ሃይላንድ አንድ ተኩል ነው። ጠዋት አንድ ተኩል ሃይላንድ ውሀ ትሙላ፣ የቀኑ ድርሻዋ እሱ ነው፣ ቡና ስትጠጣ አንድ ሲኒ ከሱ ታፍስ፣ ወተት ወይ ሾርባ ስትጠጣም በጠጣችበት እቃ ለክታ ታፍስ፣ ሲያልቅ አለቀ። ሊትር ሳታውቅ ልኩን ትጠብቃለች።

ክብደት። መመሪያው በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውሀ ተጠራቅሟል ይላል፣ ልክ ነው፣ ጤና ኬላው ቅርብ ሆኖ ሚዛን ካለ በሳምንት አንዴም ቢሆን ትመዘን። በየቀኑ ቤቷ የምታየው ግን እግሯን ነው። ጠዋት ከመኝታ ሳትነሳ በአውራ ጣቷ ቅልጥሟን ከአጥንቱ ላይ ለ5 ሰከንድ ያህል ትጫነው፣ ስትለቀው ስርጉድ ብሎ ከቀረ እብጠት አለ። ከዋርድ ስትወጣ እብጠቱ እስከ የት እንደነበር ወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ "ስወጣ እግሬ ላይ እብጠት የለም" ወይም "እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር"፣ አለዚያ ከምን ጋር ታወዳድረዋለች። አልቦ የምታደርግ ከሆነ አልቦዋ ሲጠብ፣ ጫማዋ እምቢ ሲላት፣ ይሄ ሁሉ ሚዛን ነው። የሆድም አለ፣ መቀነቷ ሲያጥርባት። ለሁሉም ግን እብጠት ሳይታይ ትንፋሹ የሚቀድምበት ሰው አለና እግር ብቻ አይበቃም፣ አንድ ትራስ ይበቃት የነበረች ሁለት ከፈለገች ወይ ተደግፋ ማደር ከጀመረች እሱም ምልክት ነው።

"ምልክት ከባሰ መመለስ" የሚለውን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው "በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ" ነው፦ እግር ማበጥ ከጀመረ፣ ትራስ ከጨመሩ፣ ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ፣ ተቅማጥ ወይ ትውከት ከያዛት። ይሄ የመጨረሻው ለምን ገባ ካላችሁ፣ ፍሮሴማይድ ውሀ ያስወጣል ተቅማጡም ያስወጣል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስለዚህ ኪኒኑን ትቀጥል ወይስ ለጊዜው ትተወው የሚለውን እሷ ሳትሆን ባለሙያ ነው የሚወስነው። ሁለተኛው "ሌሊትም ቢሆን አሁኑኑ ይሂዱ" ነው፦ ቁጭ ብላም ትንፋሽ ካጠራት፣ አረፋ ያለበት ወይ ደም የቀላቀለ አክታ ካሳላት፣ ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን አጥብቆ ከያዛት፣ በድንገት አፏ ከተጣመመ ወይ አንድ ጎኗ ከዛለ። ሁለቱን አንድ ላይ ከደባለቃችኋቸው ወይ በትንሹ ትደነግጣለች ወይ በትልቁ አብሽሪ ይነጋል ተብላ ታድራለች።

መርፌው ላይ "በየወሩ" አትበሉ። 28 ቀን ነው፣ ወራችን 30 ነው፣ ጳጉሜም አለች፣ ቀኑ እየሸሸ ይሄዳል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ መርፌዋን ሰኞ ካስጀመራችኋት በየአራተኛው ገበያ ሁሌም ሰኞ ነው የሚውለው፣ ለገበያ ስትወርድ ጤና ጣቢያ ገብታ ትወጋለች። "በየአራተኛው የባቲ ገበያ መርፌ" ብላችሁ ጻፉት፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀኖችም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጡላት።

ሁለት የቀሩ አሉ። ለወገብና ለጉልበት እያለች መድሀኒት ቤት ገብታ የምትገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውሀ ይይዛል፣ እብጠቱን ይመልሰዋል፣ ስማቸውን ጻፉና "እነዚህን አይግዙ፣ ካመመዎት ፓራሲታሞል" በሉ። ጾም ደግሞ፣ ረመዳን ሲገባ ኪኒኑን ራሷ ወደ ስሁርና ወደ ኢፍጣር ትቀይረዋለች፣ "ረመዳን ሳይገባ ቀድመው ይምጡና እንነጋገር" የሚል አንድ መስመር ይኑር። ክርስቲያን ከሆነችም እንደዛው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ጠዋት የምትውጠው ኪኒን ይቀራል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ "ገባዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ገባኝ ነው የምትላችሁ፣ እናንተን ላለማስቀየም። "ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ስለ ኪኒኑ ምን ይሏቸዋል?" በሏት፣ "እግርዎ አብጦ ቢያድር ምን ያደርጋሉ?" በሏት። ስትሳሳት የጎደለው ወረቀቱ ነው፣ እዛው አስተካክሉት። ልጁ አብሯት ካለ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ የተደናቀፈበትን ቃል እየሰረዛችሁ ለውጡ።

ያንን የእንግሊዝኛውን ወረቀት ግን እንዳትጥሉት። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ የበሽታውን ስም፣ የኢኮውን ውጤት፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራዋን የሚያገኘው ከሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ፕላስቲክ አድርጉላት፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለሀኪም፣ መጠኖቹ በሁለቱም ላይ አንድ መሆናቸውን ከፈረመው ሀኪም ጋር አስተያዩ። የቤቱን ወረቀት ደግሞ ልትወጣ ስትል አትስጧት፣ ከመውጣቷ በፊት ባለው ቀን ስጧት፣ መኪና እየጠበቃት፣ እቃዋ ታስሮ፣ ሰው ቶሎ በይ እያላት የምትሰማው ነገር የለም፣ ቀድማ ካገኘችው ግን ማታ አልጋዋ ላይ ልጇ ያነብላታል ጠዋት ራውንድ ላይ ጥያቄ ይዛ ትጠብቃችኋለች።