ኢንሱሊን ይዞ ከባሕር ዳር ዋሽንግተን

«እናቴ ስኳር አለባት። ቅልቅል ኢንሱሊን ጠዋት 30፣ ማታ 15 ትወጋለች፤ ሜትፎርሚንም ትውጣለች። በቅርቡ ከባሕር ዳር ወንድሜ ጋ ዋሽንግተን ትሄዳለች። ምን ያህል ትያዝ? ምን ወረቀት ያስፈልጋል? የመውጊያ ሰዓቷስ እንዴት ይሁን?»

እህቴ፣ እኔም እናቴን በዚሁ መንገድ፣ ይህንኑ መድኃኒት አስይዤ ወስጃቸዋለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሺ። ፋይላቸው ያለበት ሆስፒታል ሂጂና ሐኪማቸው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጻፉላቸው። የመድኃኒቱ ጀነሪክ ስም፣ መጠኑ፣ መርፌ ይዘው እንደሚጓዙ፣ ፊርማና ማህተም ይኑረው።

ከመውጣትሽ በፊት ስሙንና ቀኑን እዚያው ቆመሽ እዪ። ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እስከ አባት ነው፤ ፓስፖርት ላይ ግን አያትም አለ። አጻጻፉ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። ቀኑም በፈረንጆቹ ይጻፍ። በእኛ አቆጣጠር 2018 የተባለ ወረቀት እዚያ ላለ ሰው ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስለዋል። ሜትፎርሚኑን ደግሞ በላስቲክ ቋጥራችሁ እንዳትሄዱ። ከነካርቶኑ ይሁን፣ ስማቸውና አወሳሰዱም ይጻፍበት።

መጠኑን እናስላው። አሜሪካ ለራስ የሚያዝ መድኃኒት በጥቅሉ ከሦስት ወር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። በቀን 45 ዩኒት በ90 ቀን 4,050 ዩኒት ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው የ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ስለሚይዝ አምስት ብልቃጥ ይበቃል። ቆይታቸው ቢረዝም ወንድምሽ እዚያ ሐኪም ያሳያቸው። ሂዩማን ኢንሱሊን የሚባለው ይህ የቀድሞ ዓይነት በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ያለ ማዘዣም ፋርማሲ ይሸጣል። እዚያ ላለ ሰው አድርሱልኝ ተብሎ የሚሰጣችሁን የሌላ ሰው መድኃኒት ግን፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ አትቀበሉ።

ኢንሱሊኑ ከበርበሬና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ከታች ያለው የዕቃ ክፍል በረዶ ሊያደርገው ይችላል፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። ሁሉም በእጅ ቦርሳ ይሁን። በረዶ የምትይዙለት ከሆነ በፎጣ ጠቅልሉት፣ ብልቃጡን አይንካው። ቅልቅሉ ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ሲንከባለል እንደ ወተት እኩል መደብዘዝ አለበት። ጓል ከያዘ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነጭ ከተለጠፈ ጣሉት። ፍተሻ ላይ ሳይጠየቁ ኢንሱሊንና መርፌ እንደያዙ ይናገሩ፣ ደብዳቤውንም ያሳዩ። የተወጉበትን መርፌ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይክተቱት።

ሰዓቱ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። በእነሱ በጋ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 8። በረራው ከቦሌ ማታ 4፡30 ነው እንበል። እራታቸውን በልተው ማታ 1 ሰዓት ላይ 15ቱን ተወግተዋል። አውሮፕላን ላይ ሰዓታቸው በኢትዮጵያ እንደሆነ ይቆይ። ጠዋት 1 ሰዓት ሲል 30ውን ይወጋሉ፤ ግን ምግቡ በእርግጥ እየመጣ መሆኑን ካዩ በኋላ ብቻ። ለዚህ አስተናጋጆቹን ቀድመው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

ሲያርፉ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ እዚያ ግን ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት። አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። «ነጋ» ብለው ሌላ 30 ቢወጉ የመጀመሪያው ከገባ 8 ሰዓቱ ነው። ሁለቱ ይደራረቡና ስኳሩ ይወርዳል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ንግግር መምታታት ከታየ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይስጧቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም በአፋቸው አይደረግ፣ 911 ይደወል። ስለዚህ ካረፉ በኋላ ስኳራቸውን ለክተው ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ። 15ቱን በዚያው አገር እራት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጋሉ።

እስከዚያ ግን ከአውሮፕላኑ መርፌ 18 ሰዓት ያልፋል፤ የለመዱት 12 ነው። በመካከሉ ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል ለእናቴ ሐኪሟ ለምሳ ሰዓት ትንሽ ሬጉላር ኢንሱሊን አዘዙላት፣ «ለክታችሁ ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ብቻ» ብለው። ለእናትሽ ስንት ዩኒት እንደሚሆን፣ ከስንት በላይ እንደሚሰጥ ሐኪማቸው ይወስኑ፤ የእናቴን ቁጥር ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። የጉዞውን ቀንና ሰዓት ይዘሽ ሂጂና የሚወጉበትን ሰዓት ሁሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩልሽ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። «ጠዋት 1 ሰዓት» ተብሎ ቢተረጎም እዚያ ያለች ነርስ ሌሊት 7 ሰዓት ታደርገዋለች።

ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑ ያጥራል፣ በሁለት መርፌ መካከል ያለው ጊዜም ይጠባል፤ ስለዚህ አንዱ መጠን መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። የመመለሻውንም አሁኑኑ በዚያው ወረቀት ጀርባ አስጽፊው።